አንድ ወሰን፣ ሁለት ምልክት

በብዙ የቶዮታ ሚኒባሶች ጎማ ጎን ላይ 195R14C 8PR 106/104R የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ጎማ ሊገዛ የወጣ ሰው ከዚህ ውስጥ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛውን ክፍል ብቻ ነው። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 14 ደግሞ የቸርኬው ቁጥር በኢንች መሆኑን ጎሚስታውም ሹፌሩም ያውቁታል። ጎማው ቸርኬው ላይ ልክ ከተቀመጠና ጥርሱ አዲስ ከሆነ በዋጋው መከራከር ብቻ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ያለው 106/104R ግን ሳይነበብ ያልፋል። ሆኖም ሁለት ጎማዎች በስፋትም በቸርኬ ቁጥርም እኩል ሆነው፣ አንዱ ሌላው ከሚሸከመው ክብደት ሁለት ሦስተኛውን እንኳ የማይችል ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚናገረው ይኸው ሳይነበብ የሚታለፈው ጽሑፍ ነው። ቁጥሩ ስለ ጭነት፣ ፊደሉ ስለ ፍጥነት የተሰጡ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በዚህ ምዕራፍ የማሳየው ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር፣ ጎማው ሳይበላሽ ሊችለው ስለሚችለው ሙቀት መሆኑን ነው። በፍጥነት በኩል ከወሰን በታች ነኝና በጭነት በኩል ብተላለፍ ግድ የለም የሚለው ስሌት የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። 106 የኪሎ ግራም መጠን አይደለም፤ በዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ላይ ያለ የደረጃ ቁጥር ነው። በሰንጠረዡ 0 ለአንድ ጎማ 45 ኪሎ ግራም፣ 80 ደግሞ 450 ኪሎ ግራም፣ 160 ደግሞ 4,500 ኪሎ ግራም ነው። ማለት፣ 80 ደረጃ በወጣን ቁጥር ክብደቱ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ደረጃ ስንወጣ ደግሞ ወደ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 24 ደረጃ መውጣት ክብደቱን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ 80 ቁጥር 450 ኪሎ ግራም ሲሆን 104 ቁጥር 900 ኪሎ ግራም ነው። ቁጥሮቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ስለሚመስሉ ዐይን የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በ91 እና በ106 መካከል ያለው ልዩነት 15 ብቻ ነው፤ ወደ ኪሎ ግራም ሲመለስ ግን አንዱ 615፣ ሌላው 950 ሆኖ በአንድ ጎማ ላይ የ335 ኪሎ ግራም ልዩነት ይወጣዋል። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ይህ ክብደት ጎማው ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ሸክም መሆኑ ነው። የመኪናው የራሱ አካል፣ ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ሹፌሩና ረዳቱ ሁሉ በውስጡ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ባዶ መኪና ራሱ ከጎማው አቅም ብዙውን ወስዶታል፤ ለተሳፋሪና ለዕቃ የሚቀረው ትርፉ ነው።

ፊደሉ የራሱ መሰላል አለው። ኤል 120፣ ኤም 130፣ ኤን 140፣ ፒ 150፣ ኪው 160፣ አር 170፣ ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ዩ 200፣ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ናቸው። ኤች የፊደል ተራውን ጥሶ ከዩ በኋላ የመጣው መሰላሉ ከመሙላቱ በፊት ይሠራባቸው ከነበሩት ጥቂት ፊደሎች አንዱ ስለነበረ ነው፤ ሌሎቹ በኋላ ሲጨመሩ እሱ በያዘው ቦታ ጸና። ለትልልቅ የጭነት መኪናዎች የሚሠሩ ጎማዎች በመሰላሉ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ናቸው፤ 154/149K የሚል የጭነት መኪና ጎማ በነጠላ ሲገጠም 3,750 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ፍጥነቱ ግን 110 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል። ይህ ብቻውን አንድ ነገር ይጠቁማል። ብዙ ለመሸከም የተሠራ ጎማ ወፍራም ነው፤ ወፍራም ጎማ ሙቀቱን በቶሎ አያስወጣም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ይገደባል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ለቤት መኪና ይህ ከጎማው ፊደል በታች በሰፊው የራቀ ነው፤ 110 ለተጻፈበት የጭነት መኪና ጎማ ግን ያው 120 ከወሰኑ በላይ ነው።

ሙቀቱ የሚመጣው ከየት ነው? ጎማ ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክብ መሆኑ ቀርቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዙር እያንዳንዱ የጎማው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ይታጠፋል፣ ተመልሶ ይዘረጋል። ቀጭን ሽቦ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው እጥፋቱ ጋ እንደሚግል ያውቃል፤ ላስቲክም ሲታጠፍ ከተቀበለው ጉልበት የተወሰነውን አይመልስም፣ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። 195/65R15 የሆነ የቤት መኪና ጎማ ዙሪያው ወደ 2 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በአንድ ሰከንድ ከ16 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ እያንዳንዱ የጎማው ክፍልም በዚያች ሰከንድ ያንኑ ያህል ጊዜ ይታጠፋል። ጭነት ሲጨመር እጥፋቱ ይጠልቃል፤ ፍጥነት ሲጨመር እጥፋቱ ይበዛል። የመጀመሪያው በአንድ እጥፋት የሚወለደውን ሙቀት ያሳድጋል፣ ሁለተኛው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወለድ ይወስናል። ሁለቱ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። ላስቲክ ሙቀት አስተላላፊነቱ ደካማ ስለሆነ ሙቀቱ ውስጥ ይታፈናል፤ በተለይ ከጥርሱ ሥር ያሉት የብረት ሽቦ ንጣፎች ጫፍ በሚያልቅበት፣ በጎማው ትከሻ አካባቢ ይከማቻል። ጎማ በሙቀት ሲሸነፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ላስቲኩ ከሽቦው ላይ ይለቃል፣ አንዱ ንጣፍ ከሌላው ይላቀቃል፣ በመጨረሻም ጥርሱ ከነንጣፉ ተገንጥሎ ይወጣል።

ፍጥነት ከዚህ ሌላ የራሱ የሆነ አደጋም አለው። የተጨፈለቀው ክፍል ወደ ክብ ቅርጹ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ጎማው ከመጠን በላይ ሲፈጥን ያ ክፍል ተመልሶ ሳይረጋ ዙሩ ይቀጥላል፤ ከመንገዱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ጀርባም በጎማው ዙሪያ የቆመ ሞገድ ይፈጠራል። ሞገዱ ከተፈጠረ በኋላ ጎማው በአንድ ዙር ውስጥ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ይታጠፋል፤ ሙቀቱም ቀስ በቀስ መጨመሩን ትቶ በድንገት ያሻቅባል። ፊደላቸው ከፍ ያለ ጎማዎች በብዛት ከብረት ሽቦ ንጣፎቹ በላይ በዙሪያቸው የተጠመጠመ የናይለን ንጣፍ የሚጨመርላቸው ለዚህ ነው፤ ናይለኑ ጎማው በፍጥነት ጉልበት ወደ ውጭ እንዳይለጠጥና የሽቦዎቹ ጫፍ እንዳይነሣ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ፊደሉ ስለ ሞተር ኃይልም ሆነ ስለ ሹፌር ችሎታ አይናገርም። የሚናገረው ጎማው በውስጡ በምን እንደተጠናከረና ሙቀትን እስከ ምን ድረስ እንደሚችል ነው።

ፊደሉ የሚገኘው በፈተና ነው፤ የፈተናውን ይዘት ማወቅም ፊደሉ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን ያሳያል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 30 መሠረት የቤት መኪና ጎማ ቸርኬ ላይ ተገጥሞ፣ ንፋስ ተሞልቶ፣ በሚሽከረከር የብረት ከበሮ ላይ ይጫናል። ለምሳሌ 91H የሚል ጎማ 280 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 40 ፒኤስአይ ገደማ ንፋስ ይሞላለታል። የሚጫንበት ክብደት ከ615 ኪሎ ግራሙ 80 በመቶው፣ ማለትም 492 ኪሎ ግራም ነው። የከበሮው ዲያሜትር 2 ሜትር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ፍጥነቱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም 10 ደቂቃ በ180፣ 10 ደቂቃ በ190፣ 10 ደቂቃ በ200፣ በመጨረሻ 20 ደቂቃ በ210 ይሽከረከራል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ያልቃል። የፈተናው ክፍል ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በኋላ ጎማው ጥርሱ ካልተገነጠለ፣ ንጣፎቹ ካልተላቀቁና ክሮቹ ካልተበጠሱ ያልፋል። ክብ በሆነው ከበሮ ላይ ጎማው ከጠፍጣፋ መንገድ ይልቅ ጠልቆ ስለሚታጠፍ 80 በመቶ ጭነት ማለት ቀላል ፈተና ማለት አይደለም። ግን የተፈተነው አዲስ፣ ያልተጠገነ፣ ንፋሱ የሞላ ጎማ ነው፤ የተፈተነውም ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። የንግድ መኪናዎች ጎማ የሚፈተነው በደንብ ቁጥር 54 ነው፤ ክብደቱና ደረጃዎቹ ይለያሉ እንጂ እሱም ጎማውን በከበሮ ላይ በጭነትና በፍጥነት መፈተን ነው።

ቁጥሩና ፊደሉ የተሳሰሩ መሆናቸውን በግልጽ የሚያሳየው ማስረጃ ከፍተኛ ፍጥነት ላለባቸው ጎማዎች የተሠራው ሰንጠረዥ ነው። ቪ የሚል ጎማ 240 ኪሎ ሜትር ተፈቅዶለታል፤ ነገር ግን በጎኑ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ክብደት የሚሸከመው እስከ 210 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ክብደቱ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ 220 ሲደርስ 97 በመቶ፣ 230 ሲደርስ 94 በመቶ፣ 240 ሲደርስ 91 በመቶ ይቀረዋል። ደብልዩ የሚል ጎማም እንዲሁ እስከ 240 ሙሉውን ይሸከማል፤ በ270 ግን 85 በመቶውን ብቻ። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ለጭነት መኪናዎች ጎማ የወጣው ሰንጠረዥ በጣም በዝግታ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ከቁጥሩ በላይ ጭነት ይፈቅዳል። ቁጥሩ ስለ ጎማው ጥንካሬ ብቻ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ፍጥነት ሲጨምር ክብደቱ የሚቀነስበት፣ ፍጥነት ሲቀንስ የሚጨመርበት ምክንያት አይኖርም ነበር። የሚቀነሰውና የሚጨመረው በሁለቱም ጫፍ የሚጠበቀው ሙቀቱ ስለሆነ ነው።

እስካሁን አንድ ሦስተኛ ነገር ከጀርባ ቆይቷል፤ እሱም ንፋስ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው በአብዛኛው የታመቀው ንፋስ ነው እንጂ ላስቲኩ አይደለም። ላስቲኩና ሽቦው ንፋሱን ይይዛሉ፣ ንፋሱ መኪናውን ይይዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ የጭነት ቁጥር የሚጸናው ለተወሰነ የንፋስ ግፊት ነው። በተለመደው 195/65R15 91 ጎማ ላይ ያለው 615 ኪሎ ግራም የሚሠራው በ250 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም በ36 ፒኤስአይ ነው። ያው ስፋትና ያው ቸርኬ ሆኖ የተጠናከረው ዓይነት 95 ተጽፎበት 690 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ነገር ግን ለዚያ 290 ኪሎ ፓስካል፣ 42 ፒኤስአይ ይፈልጋል። የተጠናከረውን ጎማ ገዝቶ እንደ ድሮው 36 የሚያስሞላ ሰው የሚያገኘው አቅም ወደ 615 ተመልሶ ይወርዳል። ለተጨማሪው 75 ኪሎ ግራም ከፍሏል፤ ግን አልተጠቀመበትም። የሚኒባሱ ጎማ ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው። 106 ቁጥር 950 ኪሎ ግራሙን የሚሸከመው በ450 ኪሎ ፓስካል፣ በ65 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ያን ጎማ እንደ ቤት መኪና 36 ቢያስሞሉት የሚሸከመው ወደ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አልተለወጠም፤ የቁጥሩ ቃል ግን ፈርሷል።

አሁን ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ላይ እንየው። ሲሞላ የኋላ አክስሉ ላይ 1,600 ኪሎ ግራም የሚያርፍበት ሚኒባስ እናስብ። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ላይ 800 ኪሎ ግራም ያርፋል ማለት ነው። 106 ቁጥር ጎማ በትክክለኛው ንፋስ 950 ስለሚችል 150 ኪሎ ግራም መጠባበቂያ ይቀረዋል። ለመንገድ ጉድጓድ፣ በመታጠፊያ ላይ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል፣ ለተጨመረ ዕቃም የሚሆነው ያ ነው። ባለቤቱ ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ቸርኬው ላይ የሚገባ 195/70R14 91T ገጠመ እንበል። ፊደሉን ብቻ ያየ ሰው ጎማው ተሻሽሏል ሊል ይችላል፤ አር 170 ሲሆን ቲ 190 ነውና። ቁጥሩ ግን ከ950 ወደ 615 ወርዷል። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ላይ 185 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከአቅሙ 30 በመቶ በላይ ተጭኗል። ባለቤቱ ይህን በንፋስ ላካክሰው ብሎ 65 ፒኤስአይ ቢያስሞላ ጎማው ለዚያ ግፊት አልተሠራም፤ ለቤት መኪና በተሠራ ጎማ ጎን ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ግፊት ከዚያ በብዙ ያንሳል። 36 ቢያስሞላ ደግሞ ጎኑ ከሚገባው በላይ ይታጠፋል። በምሳሌው ላይ ሁለተኛ ስሕተት ልጨምር። ትክክለኛው 106 ጎማ ተገጥሞ ንፋሱ ወደ 40 ፒኤስአይ ወርዶ ቢሆን ውጤቱ ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። ከላይ የሚታየው የተለያየ ነው፤ በትከሻው ውስጥ የሚወለደው ሙቀት ግን ያው ነው።

በዚያው ጽሑፍ ላይ የቀሩትን ሁለት ምልክቶች ባጭሩ እንያቸው። ከ106 ቀጥሎ ያለው 104 ጎማው በአንድ ጎን ሁለት ሆኖ ሲገጠም ለእያንዳንዱ የሚሠራ ቁጥር ነው፤ 900 ኪሎ ግራም። ሁለቱ ጎማዎች ጭነቱን ምንጊዜም እኩል ስለማይካፈሉ፣ የውስጠኛው ደግሞ ታፍኖ ስለሚሞቅ እያንዳንዱ ከብቻው አቅም የተወሰነ ይቀነስበታል። ከጥንድ ጎማዎች የአንዱ ንፋስ ሲጎድል ሸክሙን ለጓደኛው ያስተላልፋል፤ ጤነኛው ጎማ ሳያጠፋ ከመጠን በላይ የሚሞቀው በዚህ መንገድ ነው። 8PR ደግሞ ጎማዎች ከጥጥ ክር ይሠሩ ከነበረበት ዘመን የቀረ የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ ጎማው ስምንት ንጣፍ አለው ማለት አይደለም። ባለ ስምንት ነው ተብሎ የተሸጠ ጎማ የሚሸከመው ከጎኑ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር ያህል ነው እንጂ በስሙ የሚገመተውን ያህል አይደለም።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ቀላልና ምክንያታዊ ይመስላል። ሚኒባስ በሰዓት 170 አይሄድም፤ በከተማ 40፣ በአገር አቋራጭ መንገድ 80 ወይም 100 ነው፤ ስለዚህ ፊደሉ ምን አገባን? መልሱ ፈተናው ውስጥ አለ። ፊደሉ የተገኘው በአዲስ ጎማ፣ ሙሉ ንፋስ፣ ቢበዛ 30 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ነው። በ170 እና በ90 መካከል ያለው ርቀት ባዶ ትርፍ አይደለም፤ ፈተናው ያላያቸው ነገሮች ሁሉ የሚከፈሉት ከእሱ ነው። ሦስትና አራት ሰዓት የሚወስድ ጉዞ፣ በቀትር የጋለ አስፋልት፣ ያረጀ ላስቲክ፣ የተጠገነ ቀዳዳ፣ የጎደለ ንፋስ፣ ትርፍ ሰውና ትርፍ ዕቃ እያንዳንዳቸው ከዚያ መጠባበቂያ ይቀንሳሉ። ጭነቱ ከአቅሙ 30 በመቶ ያለፈ ጎማ በ90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከፊደሉ በታች ነው ማለት ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም ፊደሉ የተሰጠው ጭነቱ ከቁጥሩ እንዳይበልጥ ታስቦ ነው።

ከከፍታው ወደ ቆላ በሚወርዱ መንገዶች ላይ ይህ መጠባበቂያ በፍጥነት ይበላል። በማለዳ አዲስ አበባ ላይ ንፋሱ የተለካ መኪና ከሰዓት በኋላ አፋር ሲደርስ ጎማው ከጉዞውም ከአየሩም ሞቋል፤ በውስጡ ያለው ንፋስ ስለሚስፋፋ መለኪያው ከጠዋቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ብዙ ሹፌሮች ይፈነዳል ብለው ፈርተው በዚህ ጊዜ ንፋስ ያስተነፍሳሉ። ይህ ከሁሉም የሚከፋ እርምጃ ነው። በጎማ ላይ ወይም በመኪናው በር ምሰሶ ላይ የሚጻፈው ግፊት ለቀዘቀዘ ጎማ የተቀመጠ ነው፤ ሲሞቅ መጨመሩ አስቀድሞ ታስቦበታል። ንፋሱ ሲቀነስ እጥፋቱ ይጠልቃል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የተፈራው ፍንዳታም ከነበረበት ይቀርባል። በዚያ ላይ ቆላ ላይ የውጭው አየር ክብደት ከአዲስ አበባ ስለሚበልጥ መለኪያው የሚያሳየው ግፊት ከ3 ፒኤስአይ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ቀን ላይ ሙቀቱ ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል። ቀን ያስተነፈሰ ሹፌር በማግስቱ ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ ቢለካው ከሚገባው በብዙ ወርዶ ያገኘዋል። ትክክለኛው መንገድ ቆሞ ማቀዝቀዝ፣ ፍጥነትን መቀነስ፣ ጎማው በቀዘቀዘበት ሰዓትም እዚያው ቆላ ላይ እንደገና መለካት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣ ነው። ለዓመታት ትርፍ ሲጫንበት የኖረና ያልፈነዳ ጎማ አለ፤ ታዲያ ቁጥሩ ማስፈራሪያ አይደለም? ይህ ክርክር ጎማ ወሰኑ ሲታለፍ በዚያው ቅጽበት እንደሚበጠስ ያስባል። ጎማ ግን እንዲህ አይሸነፍም። በእያንዳንዱ ከመጠን ያለፈ ጉዞ በሽቦ ንጣፎቹ ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ በጥቂቱ ይለቃል፤ የለቀቀው ቦታ አይድንም፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይሰፋል። የፈነዳበት ቀን መኪናው ባዶ፣ መንገዱም ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን የሆነው የወራት ድምር ነው። ምልክቶቹ ግን ለሚያያቸው አሉ። ከሁለቱም ዳር የተበላና መሐሉ የቀረ ጥርስ ጎማው ንፋሱ ጎድሎ ወይም ትርፍ ተሸክሞ መሄዱን ይናገራል። በዝግታ ሲሄዱ መኪናውን የሚያወዛውዝ፣ በእጅ ሲዳሰስ ጥርሱ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ያበጠ ቦታ ያለው ጎማ ንጣፉ መላቀቅ ጀምሯል፤ ሊጠገን አይችልም። ከሁሉም የሚታመነው ማስረጃ ደግሞ ውስጡ ነው። ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሲያወጣ በውስጡ የላስቲክ ዱቄት ከተገኘ፣ ወይም በጎኑ ውስጠኛ ገጽ ዙሪያውን የተላጠ መስመር ከታየ፣ ጎማው ታጥፎ ሄዷል። ቀዳዳውን ደፍኖ መልሶ መግጠም የተጎዳውን ክፍል አይመልስም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ፋብሪካዎች ለጥንቃቄ ብለው ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ይጽፋሉ ይላል። መጠባበቂያ መኖሩ እውነት ነው፤ አዲስ ጎማ ከቁጥሩ ጥቂት ሲያልፍ አይበጠስም። ግን ያ መጠባበቂያ ለማን እንደተቀመጠ መጠየቅ አለበት። ጎማ ሲያረጅ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ጉድጓድ ሲመታው ክሮቹ ይጎዳሉ፤ ንፋሱ ማንም ሳይነካው በወራት ውስጥ ይቀንሳል። መጠባበቂያው ለእነዚህ ነው፤ ጭነቱ አስቀድሞ ከወሰደው ጎማው በእርጅናው የሚተማመንበት አይኖረውም። በአሜሪካ ደንብ ለቤት መኪና የተሠራ ጎማ በቀላል ጭነት መኪና፣ በአውቶቡስ ወይም በተሳቢ ላይ ሲገጠም የተጻፈበት ክብደት በ1.10 እንዲካፈል ይደረጋል፤ 615 ወደ 559 ኪሎ ግራም ይወርዳል ማለት ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ዓይነት መኪና በተደጋጋሚ ከመጠን በላይ እንደሚጫንና ሥራው ለጎማ እንደሚከብድ ስለሚያውቁ መጠባበቂያውን ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም።

ፊደሉ ከፍ ባለ ቁጥር ጎማው በሁሉም ይሻላል የሚለው እምነትም መልስ ይፈልጋል። ፊደሉ ጎማው ዝናብ ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ ጥርሱ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚቆይ፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ ጎኑ ድንጋይን እንዴት እንደሚችል አይናገርም። በምሳሌያችን እንዳየነው ቲ ከአር በላይ ነው፤ ግን ሚኒባሱን ሊሸከም አልቻለም። ስለዚህ በምርጫ ቅደም ተከተል ቁጥሩ ይቀድማል። መኪናው ሲሠራ ከተሰጠው የጭነት ቁጥር በታች አይወረድም፤ ፊደሉም ከተሰጠው በታች አይወረድም፤ በመኪናው ላይ የተለያዩ ጎማዎች ካሉ ወሰኑ ከሁሉም ዝቅተኛ የሆነው ነው። የአራቱን ጎማዎች ክብደት ደምሮ ከመኪናው ጠቅላላ ክብደት ጋር ማወዳደርም አያስተማምንም፤ ሸክሙ በአራቱ ላይ እኩል አያርፍምና ስሌቱ በእያንዳንዱ አክስል ለብቻው መሠራት አለበት። ከዚያ የሚቀረው ቁጥሩ የሚጸናበትን ንፋስ በቀዘቀዘ ጎማ ላይ መጠበቅ ነው። ከሦስቱ ማለትም ከጭነት፣ ከፍጥነትና ከንፋስ አንዱ ሊስተካከል ካልቻለ ሌላው መቀነስ አለበት። ትርፍ የጫነ ሹፌር ሊያደርገው የሚችለው ከሁሉ የሚሻለው ነገር ጭነቱን ማውረድ ነው፤ ካልሆነ ግን በዝግታ መሄድ፣ ቶሎ ቶሎ ቆሞ ማቀዝቀዝና በቀዘቀዘ ጊዜ ንፋሱን መለካት ነው። ሙቀት የሚቀነስበት ሌላ መንገድ የለም፤ ጎማው ላይ የተጻፉት ቁጥርና ፊደልም ከዚህ የተለየ ነገር አይሉም።